93,000 በ93,000 ሆኖም የተሳሳተ ሂሳብ

የአንድ አነስተኛ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት የዓመት መጨረሻ ወርክሺት ተስተካክሎ እጄ ላይ ነበር። የቀረኝ ሂሳቡን ዘግቶ ከመዝጊያ በኋላ ያለውን ትራያል ባላንስ፣ ማለትም የሂሳቦቹን የዴቢትና የክሬዲት ቀሪ ዝርዝር፣ ማውጣት ነው።

ድርጅቱ የአንድ ሰው ስለሆነ መዝጊያው አራት ምዝገባ ብቻ ነው። መጀመሪያ የ84,000 ገቢው ገቢና ወጪ ወደሚገናኙበት ጊዜያዊ ሂሳብ፣ ወደ ኢንካም ሰመሪ፣ ይዘጋል። ከዚያ ወጪዎቹ ይከተላሉ፦ ደመወዝ 36,000፣ ኪራይ 12,000፣ አላቂ ዕቃ 3,000፣ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 5,000፤ በድምሩ 56,000። ሦስተኛው ትርፉን ወደ ካፒታል ያዞራል። አራተኛው ባለቤቱ ለግሉ ያወጣውን 10,000 በቀጥታ ከካፒታል ላይ ይቀንሳል።

የተሳሳትኩት ቁጥሮቹን ከተስተካከለው ትራያል ባላንስ አምድ ስወስድ ነው። እዚያ የሚዘጋውም የማይዘጋውም ሂሳብ አንድ ላይ ተደርድሯል። የተጠራቀመው የእርጅና ቅናሽ፣ 15,000፣ ክሬዲት ላይ ተቀምጦ ሳየው ከገቢው ጋር አብሬ ዘጋሁት። ይህ ግን ከመሣሪያው ዋጋ ላይ የሚቀነስ ቋሚ ሂሳብ ነው፤ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል እንጂ አይዘጋም።

ትራያል ባላንሱን ሳወጣ ሁሉም ልክ መሰለኝ። በዴቢት በኩል ጥሬ ገንዘብ 22,000፣ ተሰብሳቢ 9,000፣ አላቂ ዕቃ 2,000 እና መሣሪያ 60,000 አሉ። በክሬዲት ተከፋይ ሂሳብ 8,000፣ ያልተከፈለ ደመወዝ 2,000፣ ካፒታል 83,000። ሁለቱም ወገን 93,000! ደስ ብሎኝ ዘጋሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ከባላንስ ሺቱ ጋር ሳስተያየው ግን እዚያ ያለው ካፒታል 68,000 ነው። ልዩነቱ 15,000 ሆነ፤ ያችኑ ቁጥር ወዲያው አወቅኋት። አንዱ ክሬዲት ጠፍቶ ሌላው ክሬዲት፣ ካፒታሉ፣ በዚያው ልክ አብጧል። ድምሩ ንቅንቅ ያላለው ለዚህ ነው። ምዝገባውን አልሰረዝኩም። ካፒታልን 15,000 ዴቢት፣ የተጠራቀመውን የእርጅና ቅናሽ 15,000 ክሬዲት አድርጌ አስተካከልኩት። 50,000 መነሻ ካፒታል ላይ 28,000 ትርፍ ተደምሮ 10,000 ሲቀነስ 68,000 መጣ።

አሁን ገቢና ወጪውን የምወስደው ከወርክሺቱ የገቢ መግለጫ አምዶች ብቻ ነው። ከሁለተኛው ምዝገባ በኋላም ቆም እላለሁ፤ የኢንካም ሰመሪው ቀሪ ከወርክሺቱ ትርፍ ጋር መግጠም አለበት። በዚያን ቀን ባየው ኖሮ 28,000 መሆን ሲገባው 43,000 ነበር።

ይህች ማቆሚያ ሌላም ነገር ታጋልጣለች። ባለቤቱ ለግሉ ያወጣው 10,000 ከወጪዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ከተዘጋ ኢንካም ሰመሪው 18,000 ብቻ ያሳያል። ካፒታሉ ግን መጨረሻ ላይ ያው 68,000 ነው። ትራያል ባላንሱም ባላንስ ሺቱም ያንን ስህተት አያሳዩም።