ስንት ቀረህ?

ዛሬ ሐሙስ ማታ ነው። ጂም ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ። ደብተሬ ላይ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ ቤንች፣ 40 ኪሎ፣ 5፣ 5፣ 5። በጀርባዬ ተኝቼ ባሩን ከደረቴ ወደ ላይ የምገፋው ነው፤ ሦስት ዙር፣ አምስት አምስት ጊዜ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በ37.5 ኪሎ ባሩ ደረቴ ላይ ቀርቶ ነበር። በመሃል የሆነውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ፕላኑን የጻፈልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ስፖርት ሳይንስ ተምሯል። በእጁ የጻፈው አንድ ገጽ ነው። ሁለት ዓይነት ቀን አለው። ቀን "ሀ" ስኳት፣ ቤንች እና ባር ወደ ሆድ መሳብ። ቀን "ለ" ስኳት፣ የትከሻ ፕሬስ እና ዴድሊፍት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ እየተፈራረቁ። ሦስቱንም ዙር አምስት አምስት ጊዜ ከሠራሁ በሚቀጥለው 2.5 ኪሎ እጨምራለሁ። ካቃተኝ ያንኑ ክብደት እደግማለሁ። ከታች ደግሞ ሁለት ጊዜ አስምሮበት "በዙር መሃል 3 ደቂቃ እረፍት" ይላል። የጀመርክበትንና የጨረስክበትን ሰዓትም በጎን ጻፍ ብሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ገጹ ላይ ያለው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ነበር። የመጀመሪያው ሰኞ 12 ሰዓት ላይ ሰፈሬ ያለው ጂም ስገባ ቆሜ የምለብስበት ቦታ እንኳን አላገኘሁም። የስኳት ማቆሚያው አንድ ብቻ ነው። ቤንቹ ሁለት። ሰኞ ማታ ሁሉም ሰው ደረት ነው የሚሠራው። ሳልሠራ ተመለስኩ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እጾማለሁ፤ ጾም ውዬ ዴድሊፍት መሥራት ለጀማሪ ከበደኝ። ስለዚህ ቀኑን ወደ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ቀየርኩት። የአክስቴ ልጅ ስነግረው "ቀኑ ምንም አይደለም፣ በመሃሉ አንድ ቀን ይረፍ እንጂ" አለኝ።

ሁለት ሳምንት ጥሩ ሄደ። ከሥራ አምሽቼ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር የምገባው። በዚያ ሰዓት ጂሙ ሳሳ ይላል። ቤንች በ30 ኪሎ ጀመርኩ። ከዚያ 32.5፣ ከዚያ 35። በየጊዜው ትንሿን ባለ 1.25 ኪሎ ፕሌት በየጎኑ ስጨምር ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሥራ ቶሎ መውጣት ጀመርኩ። ማክሰኞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ የስኳት ማቆሚያው ተይዟል፤ ሦስት ሰው ይጠብቃል። አንዱ ቤንች ግን ክፍት ነበር። ቅደም ተከተሉን ቀይሬ በቤንች ጀመርኩ። 37.5 ኪሎ። የመጀመሪያውን ዙር አምስቱንም ሠራሁ። ተነስቼ ልቀመጥ ስል አንድ ወጣት መጣ።

"ብሮ፣ ስንት ቀረህ?"

"ሁለት" አልኩት። እሱም ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ስልኩን እያየ ነው፤ እኔ ግን እኔን እያየ መሰለኝ። ከኋላው ሌላ ሰው መጣ። ሰው አቁሞ ቤንች ላይ ሦስት ደቂቃ መቀመጥ አልቻልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ትንፋሼ መለስ ሲል ወዲያው ተኛሁ። አራተኛው ላይ ባሩ ተንገዳገደ፤ አምስተኛውን አልሞከርኩም። ከዚያ አሁንም ቶሎ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሦስት ሠርቼ አራተኛው ደረቴ ላይ ቀረ። አልነሳ አለኝ። ወጣቱ ሮጦ መጥቶ ባሩን ይዞ አነሳልኝ። ያዝልኝ ብዬ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። እሱንም ያላልኩት በይሉኝታ ነው።

ደብተሬ ላይ 5፣ 4፣ 3 ብዬ ጻፍኩ። ማታ በጣም ከፋኝ። ደከምኩ ማለት ነው? በደንብ በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁም። ስኳቱ አድክሞኝ እንዳልል ገና አልሠራሁትም ነበር። ባሩንም ጠረጠርኩት። እዚያ ጂም ውስጥ አጠር ያለ ሌላ ባር አለ፤ ዓይን ካላስተዋለ ይመሳሰላሉ። አንድ ቀን ይዤው ሚዛን ላይ ቆሜ የራሴን ክብደት ስቀንስ 14 ኪሎ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የማክሰኞው ግን ረጅሙ፣ ባለ 20 ኪሎው ነበር። እንደ ሁልጊዜው።

ከዚያ በጎን የጻፍኩትን ሰዓት አየሁ። 35 ኪሎ የሠራሁ ቀን ከ1:40 እስከ 1:48። ማክሰኞ ከ12:35 እስከ 12:38። አምስት ጊዜ መግፋት ግማሽ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ሦስቱን ዙር ስቀንስ ለሁለቱ እረፍት የተረፈው በየዙሩ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ፕላኑ ሦስት ይላል።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። "ትንፋሽህና ጡንቻህ እኩል አይመለሱም" አለኝ። ለአጭርና ለከባድ ሥራ ጡንቻ የሚጠቀመው ራሱ ውስጥ ያጠራቀመውን ፈጣን ጉልበት ነው። እሱ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በከፊል ይሞላል። ሞላ ለማለት ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። እኔ ትንፋሼ ሲመለስ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ክብደቱ ቀላል ሳለ ይሄ አይታወቅም። ወደ አቅም ጫፍ ሲጠጋ ነው የሚታየው። ምልክቱም ይኸው 5፣ 4፣ 3 ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ እየወረዱ። ክብደቱ ራሱ ቢበዛብኝ ኖሮ ገና የመጀመሪያው ዙር ላይ ይይዘኝ ነበር።

"ታዲያ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ እንዴት ሦስት ደቂቃ ልቀመጥ?" አልኩት።

"አትቀመጥ። በየተራ እንሥራ በለው። ሁለት ሰው ሲሠራ አንተ አርፈሃል።"

ቅዳሜ ያው ወጣት ነበር። ያው ጥያቄ መጣ። "ስንት ቀረህ?" "ሁለት ቀርቶኛል፤ ግን ና በየተራ እንሥራ" አልኩት። ፊቱ በራ። ጓደኛውን ጠራና ሦስት ሆንን። እኔ የፈራሁት ፕሌት መቀያየሩን ነበር፤ እነሱ ከእኔ እጥፍ በላይ ነው የሚያነሱት። ግን ቀላል ሆነ። እኔ በየጎኑ 5፣ 2.5 እና 1.25 አለኝ። እነሱ የእኔን ሳይነኩ በላዩ አንድ አንድ ባለ 20 ይጨምራሉ፤ 77.5 ይሆናል። ተራዬ ሲደርስ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ቆመው እኩል ያወጣሉ። አንዱ ብቻውን አንዱን ጎን ቢያራግፍ ባሩ ሊገለበጥ ይችላል። እኔም ለእነሱ እንደዚያው አደርጋለሁ። ተራዬ ሲመለስ ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ሰከንድ ቀርቶታል። ስተኛ ደግሞ ወጣቱ ሳልጠይቀው ከራስጌዬ ቆመ።

5፣ 5፣ 5። ከ12:41 እስከ 12:49።

የስኳት ማቆሚያው አሁንም አንድ ነው፤ እዚያ ያሉት ጋር ገና አልተዋወቅኩም። ዛሬም ቆሜ ጠበቅኩ። ነገ አርፋለሁ። ቅዳሜ ስኳት 57.5 ኪሎ ነው፤ ስገባ ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴ ሄጄ "በየተራ እንሥራ?" እላቸዋለሁ።