ዳን ከጋ በዓይን መለየት፦ የፎርማንት እጥፋት ንባብ በአማርኛ ቃላት

እግድ ተነባቢዎችን በስፔክትሮግራም፣ ማለትም ድምፅን በጊዜና በሄርዝ ዘርግቶ በሚያሳይ ሥዕል ላይ ማንበብ የሚከብደው፣ ድምፁ በታገደበት ቅጽበት ስለ ቦታው የሚናገር ነገር ስለማይታይ ነው። ከንፈር ለ«ብ» ቢገጥም፣ የምላስ ጫፍ ለ«ድ» ድድ ላይ ቢያርፍ፣ የምላስ ጀርባ ለ«ግ» ትናጋ ላይ ቢጣበቅ፣ ሁሉም ባዶ ክፍተት ነው፤ ነዛሪ ከሆነ ደግሞ ከግርጌ ቀጭን ጥቁር መስመር ይኖራል። ወሬው ያለው ከክፍተቱ በኋላ በሚመጣው 50 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። አፍ ወደ አናባቢው ቅርጽ ሲሄድ ፎርማንቶቹ፣ ማለትም የአናባቢው ጥቁር ንጣፎች፣ አብረው ይታጠፋሉ። የመጀመሪያው ፎርማንት በሦስቱም ከታች ወደ ላይ ስለሚነሳ ስለ ቦታው አይነግረንም። ቦታውን የሚጠቁሙት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው።

የምቀዳው በራሴ፣ በወንድ ድምፅ ነው፤ ጎንደር ውስጥ የባጃጁ ድምፅ ጋብ በሚልበት ምሽት፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ሰቅዬ። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ያስተጋባል፣ የገደል ማሚቶውም የእግዱን ክፍተት ሞልቶ የእጥፋቱን መነሻ ይሸፍነዋል። ቃሎቹን «ያ ዳቦ ነው»፣ «ያ ጋቢ ነው» በሚል ሐረግ ውስጥ አስገባቸዋለሁ፤ ከፊት ያለው አናባቢ ለምን እንደሚጠቅም ወደ ታች ይታያል። ፕራት በተባለው ፕሮግራም ውስጥ `Window length` 0.005 ላይ ሲሆን እጥፋቱ ጥርት ብሎ ይወጣል።

በመጀመሪያ ዲያቆን፣ ዳቦና ዱባ የሚሉትን ቃላት አስተያየሁ። በዲ ሁለተኛው ፎርማንት ከ1900 ሄርዝ አካባቢ ተነስቶ ወደ 2200 ይወጣል። በዳ ከ1650 አካባቢ ወደ 1300 ይወርዳል። በዱ ደግሞ ከ1500 በላይ ጀምሮ ወደ 900 ያሽቆለቁላል። ተነባቢው አንድ ነው፣ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ። ስለዚህ «ወጣ ወይስ ወረደ» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አያዋጣም። ሦስቱን መስመሮች ወደ ኋላ፣ ወደ ክፍተቱ ውስጥ ብንዘረጋቸው፣ ወደ 1800 ሄርዝ ያነጣጥራሉ። ይህን መነሻ በ1955 በአሜሪካ የሃስኪንስ ቤተ ሙከራ ዴላትር፣ ሊበርማንና ኩፐር በሰው ሠራሽ ድምፅ አሳይተውታል፤ ለ«ብ» ያገኙት 720 ሄርዝ ገደማ ነበር። ከሥራቸው እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው፦ እጥፋቱ ከ1800 ላይ ራሱ ሲጀምር አድማጮች እንደ አናባቢው ብ፣ ድ ወይም ግ ሰሙ። የመጀመሪያው 50 ሚሊ ሰከንድ ተቆርጦ ዝም ሲል ግን ሁሉንም ድ ብለው ሰሙት። እጥፋቱ ነጥቡን ይጠቁማል እንጂ አይነካውም ማለት ነው።

ዳቦንና ጋቢን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ሁለተኛው ፎርማንት ብቻውን አይበቃም፤ በሁለቱም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ልዩነቱ ሦስተኛው ላይ ነው። በዳ ሦስተኛው ከ2600 አካባቢ ላይ እንደ ቆመ ይቀራል፣ ከሁለተኛው ጋር ሰፊ ክፍተት አለው። በጋ ግን ሦስተኛው ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ፣ እግዱ በሚለቀቅበት ቦታ ሊነካኩ ይደርሱና እንደ መቀስ አፍ ወደ ቀኝ ይከፈታሉ። እዚህ ላይ ፕራት ፎርማንቶቹን ለማመልከት የሚያስቀምጣቸውን ቀይ ነጥቦች ማመን አያስፈልግም። ሁለት ፎርማንቶች ሲቀራረቡ ፕሮግራሙ እንደ አንድ ሊቆጥራቸውና ከላይ ያለውን አራተኛ «ሦስተኛ» ብሎ ሊሰይም ይችላል። ምልክቱ የነጥቦቹ መስመር በድንገት መዝለሉ ነው፤ አፍ እንደዚያ አይዘልም። ጥቁሩን ንጣፍ በዓይን መከተል ይሻላል። ለግ እንደ ድ አንድ ቋሚ መነሻ መፈለግም ከንቱ ነው፤ ምላሱ ትናጋን የሚነካበት ቦታ አናባቢውን ተከትሎ ስለሚንሸራተት፣ በጊ መነሻው ከ2200 በላይ ሲሆን በጎ ወደ 1000 አካባቢ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ፈንጂ ድምፆች ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። «ያ ጣቢያ ነው» እና «ያ ቃል ነው» በሚሉት፣ እግዱ ከተለቀቀ በኋላ ጉሮሮ ገና እንደ ተዘጋ ስለሚቆይ ለአፍታ ዝምታ አለ። አናባቢው ድምፅ ሲያወጣ ምላሱ ጉዞውን አብዛኛውን ጨርሷል፣ ስለዚህ ከቀኝ በኩል ያለው እጥፋት በጣም ጥቂት ነው። ያኔ ነው ከፊት ያለው «ያ» የሚያስፈልገው፤ ምላሱ ወደ እግዱ ሲሄድ ጉሮሮ አሁንም ይነዝራልና። በ«ያ ቃል» የያ መጨረሻ ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጠጋጉ ይታያሉ፣ በ«ያ ጣቢያ» አይጠጋጉም። የፍንዳታው ቀጭን ቋሚ መስመርም ያግዛል፦ የጥ ጉልበቱ ከ3000 ሄርዝ በላይ ሲበረታ፣ የቅ ግን ወደ ሁለተኛው ፎርማንት አካባቢ ይሰበሰባል።

ቀጥዬ የምይዘው ጓ ነው። የከንፈሩ መሾል ሁለተኛውን ፎርማንት ገና ከመነሻው ወደ ታች ስለሚስበው፣ በጓንትና በባል መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ተመሳስሎ ይታያል። ነጠላ ቃል ይዛችሁ ከሞከራችሁ፣ ሐረጉ ውስጥ አስገብታችሁ የያን መጨረሻም አብራችሁ ላኩልኝ።