ለአንድ ሽፍታ ሁለት ጊዜ ፋርማሲ የሄድኩት ለምንድን ነው

የመጀመሪያው ቀን ጥያቄዬ አጭር ነበር። «ለልጅ የሚያሳክክ ሽፍታ የሚሆን ክሬም አላችሁ?» ልጁን ቤት ትቼው ነው የሄድኩት። ባለሙያው ዕድሜውን ብቻ ጠየቀኝ። 5 ዓመቱ ነው አልኩ። 1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል የስቴሮይድ ክሬም ሰጠኝ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ማከኩን ተወ፣ ቅላቱም ደበዘዘ። ተገላገልኩ ብዬ ክሬሙን አቆምኩ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሽፍታው ተመልሶ መጣ፤ ለዚያውም ሰፍቶ።

ሁለተኛው ጊዜ ልጁን ይዤ ሌላ ፋርማሲ ሄድኩ። እንደ ዕድል ሆኖ ክሬም ሳልቀባው በፊት በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ነበር። ፋርማሲስቷ እሱን ስታይ ወዲያው ጥያቄ ጀመረች። «ሌሊት ይብስበታል? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ?» የለም። እከክ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጣቶቹ መሃልም ይወጣበት ነበር አለችኝ። «የክርኑ መታጠፊያና ከጉልበቱ ጀርባስ?» ንጹህ ነው። «ድመት ይነካል?»

እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። አያቱ ቤት አዲስ የመጣች ግልገል ድመት አለች፤ ከእቅፉ አትወርድም። ሽፍታው ደግሞ ክንዱ ላይ ነው። ፎቶው ላይ ዙሪያው ቀልቶና ተቀርፍቶ፣ መሃሉ ነጣ ያለ ክብ ነው። «ጭርት ነው የሚመስለው የኔ እናት» አለችኝ። ሃይድሮኮርቲዞን ቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዳል፣ ጭርት የሚያመጣውን ፈንገስ ግን አይገድልም። እንዲያውም እንዲስፋፋ ያመቸዋል። የክቡ ጠርዝ ስለሚጠፋም በኋላ የሚያየው ሰው ይሳሳታል።

ጎረቤቴ የምታሞግሰውን «ሦስት በአንድ» ክሬምም ጠየቅኳት። እምቢ አለች። ፈንገስ የሚገድለው ውስጡ ቢኖርም፣ አብሮት ያለው ስቴሮይድ ብዙ ጊዜ ለልጅ ቆዳ በጣም ጠንካራ ነው።

የሰጠችኝ ክሎትሪማዞል የሚባል ፈንገስ የሚገድል ክሬም ነው። ጠዋትና ማታ፣ ቦታው ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ በስሱ። ከክቡ ጠርዝም ሁለት ሴንቲ ያህል ወጣ ብሎ ይቀባል፤ ጤነኛ የሚመስለው ቆዳ ላይም ፈንገሱ ሊኖር ይችላልና። ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት መቀጠል አለበት።

ከመውጣታችን በፊት ፀጉሩን እየከፈለች ራሱን አየችለት። ጭርት ራስ ላይ ከወጣ ክሬም አይበቃውም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚፈልግ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው። መግል ካየሁ፣ ካተኮሰው ወይም በሁለት ሳምንት ለውጥ ከሌለ ሐኪም ቤት እንድወስደው ነገረችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ቆዳው ጠራ። እየሰለቸኝም ቢሆን የቀረውን ሁለት ሳምንት ቀባሁት። ድመቷን ስናያት ጆሮዋ ሥር ፀጉሯ ተመልጧል። እናቴ ቅር እያላት ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደቻት።