አሥራ ሦስት ጊዜ የታየ ብርድ ልብስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሱፍ ብርድ ልብስና የመንዝ በርኖስ የሚሸጥ አንድ ሱቅ፣ ከኅዳር መጀመሪያ አንስቶ በፌስቡክ ያንኑ አንድ ማስታወቂያ ሲያሳይ ከረመ። ማስታወቂያው አልጋ ላይ የተነጠፈ ብርድ ልብስ ፎቶ ነው። እንዲታይ የተመረጠው ለደብረ ብርሃን፣ ለደብረ ሲናና ለሸዋ ሮቢት ነዋሪዎች ነበር። ሸዋ ሮቢት ቆላ ሆና ሳለ ለምን እንደተጨመረች የሚያስታውስ አልተገኘም።

በመጀመሪያው ሳምንት በሜሴንጀር 84 ሰዎች ዋጋ ጠይቀው ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ጥር ሲጋመስ፣ የጠያቂው ቁጥር 45 ሆነ። “በዓሉ ነው ጋሼ፤ ገናና ጥምቀት የሰዉን ኪስ አራቁተውታል” አለ አንዱ ሻጭ። ባለቤቱም ገበያው መቀዝቀዙን ቀድሞ አይቶ ታኅሣሥ ውስጥ፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ የቀኑን በጀት ከ600 ወደ 900 ብር አሳድጎት ነበር። ብሩ ጨመረ፣ ጠያቂው ቀነሰ።

ሰዉ ማስታወቂያውን ሰልችቶት ይሆን የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ተነሥቷል። ገጹን የምትከታተለው ልጅ ግን ሂሳቡን ሠርታ “ድግግሞሹ 2.5 ነው፤ ገና ነው” አለች። አካሄዷ እንዲህ ነበር። የየሳምንቱን ሪፖርት አወጣች፣ በየሳምንቱ ማስታወቂያው የደረሳቸውን ሰዎች ደመረች፣ 256,000 መጣላት። በአሥራ ሁለቱ ሳምንት ማስታወቂያው የታየው 630,000 ጊዜ ነው። ይህን ለዚያ ስታካፍል 2.5 ገደማ ሆነ።

ድግግሞሽ ማለት አንድ ሰው ማስታወቂያውን በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው ነው፤ የማካፈሉ ቀመርም ልክ ነው፦

```
Frequency = Impressions ÷ Reach
```

የተሳሳተው መደመሩ ነው። `Impressions` የዕይታ ብዛት ስለሆነ የአንዱ ሳምንት ከሌላው ቢደመር ምንም አይዛባም። `Reach` ግን የሰው ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማስታወቂያውን ያየ ሰው በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሳምንት ካየው በየሳምንቱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ሳምንታቱ ሲደመሩ ያ አንድ ሰው ሦስት ይሆናል። ስህተቱን ያጋለጠውም የአገሩ ስፋት ነው። ማስታወቂያው ሲዘጋጅ ሲስተሙ በሦስቱ ከተሞች የገመተው ተመልካች 60,000 ገደማ ነበር። ከ60,000 ሰው 256,000 ሰው ከየት ይመጣል?

ትክክለኛውን ለማግኘት የቀኑን ወሰን ከማስታወቂያው የመጀመሪያ ቀን እስከ ዛሬ አድርጎ፣ በሳምንት ሳይከፋፍሉ አንዱን የ`Reach` ቁጥር ማንበብ ነው። 48,000 ወጣ። 630,000 ለ48,000 ሲካፈል 13 ይሆናል። ማስታወቂያው የደረሰው ሰው በአማካይ ያንን አልጋ አሥራ ሦስት ጊዜ አይቶታል ማለት ነው። አማካይ በመሆኑም አንድ ጊዜ ብቻ ያየ እንዳለ ሁሉ ሠላሳ ጊዜ ያየም ይኖራል። ከፎቶው ሥር “ይቺ ብርድ ልብስ በሕልሜም መምጣት ጀመረች” ብሎ የጻፈው ሰው ከእነዚህኞቹ ሳይሆን አይቀርም።

ይሁንና 13 የሚለው ቁጥርም ብቻውን አይፈርድም። ከተጀመረ ጀምሮ የሚቆጠር ድግግሞሽ ተመልካቹ ካልሰፋ ዘመቻው በቆየ ቁጥር በአብዛኛው እያደገ ይሄዳል፤ በሦስት ወር 13 መድረስና በሦስት ሳምንት 13 መድረስም አንድ አይደሉም። ይበልጥ የሚናገረው አዲስ ሰው መምጣት ያቆመበት ጊዜ ነው። ለዚህ የመነሻውን ቀን ሳይነኩ የመጨረሻውን ቀን ብቻ እየገፉ ማንበብ ይበቃል። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የተጠራቀመው 39,000 ሰው ነበር፤ በስምንተኛው 46,500፣ በአሥራ ሁለተኛው 48,000። በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት የተጨመረው አዲስ ሰው 1,500 ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ለብቻው ሲታይ ማስታወቂያው ለ20,000 ሰው ደርሷል፤ ከነዚህ ውስጥ ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁት 300 ነበሩ።

የተጨመረው በጀት የት እንደገባ እዚህ ላይ ይታያል። በመጀመሪያው ሳምንት 42,000 ዕይታ ለ24,000 ሰው ተዳርሶ ነበር፤ ድግግሞሹ 1.75። በአሥራ ሁለተኛው 60,000 ዕይታ ለ20,000 ሰው ሆነ፤ ድግግሞሹ 3። ብሩ አድጎ የሰዉ ቁጥር ያነሰው፣ ዘመቻው መልእክት እንዲያመጣ ስለታዘዘ ነው፤ ሲስተሙ ይጽፋል ብሎ ወደሚገምተው ሰው እየተመላለሰ ይሄዳል። የድግግሞሽ ጣሪያ ይበጅለት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ጣሪያው ግን የሚሰጠው ለብዙ ሰው መድረስን ግቡ ላደረገ ዘመቻ ነው እንጂ ለመልእክት ዘመቻ አይደለም።

የበዓሉ ምክንያትስ? በዓል ሲደርስ አስተዋዋቂ ስለሚበዛ በዋናነት የሚወደደው የአንድ ሺህ ዕይታ ዋጋ ነው። እዚህ ግን ከ100 ብር ወደ 105 ብር ብቻ ነው የሄደው። የወደቀው ሰዉ አይቶ የሚነካበት መጠን ነው፤ ከመቶ ዕይታ 1.8 የነበረው 0.7 ሆነ። የአንድ መልእክት ዋጋም ከ50 ወደ 140 ብር ወጣ። ደግሞ መውጣት የጀመረው ገና ሳይደርስ ነበር፤ በአምስተኛው ሳምንት 75 ብር ደርሷል።

ያም ሆኖ “ሰዉ ብርድ ልብሱን ገዝቶ ጨርሶ ቢሆንስ?” የሚለው የባለቤቱ ጥያቄ ተገቢ ነበር። ፈላጊ ሲያልቅም ቁጥሩ ተመሳሳይ መልክ ይይዛል። ስለዚህ አሮጌው ማስታወቂያ በሦስቱ ከተሞች ቆመና በቀን 300 ብር ለአምስት ቀን፣ ጎን ለጎን ሁለት ሙከራ ተደረገ። አንደኛው ያንኑ የአልጋ ፎቶ ጨርሶ ላላዩት ለአዲስ አበባ ሰዎች ማሳየት ነው። ሌላው ለነባሮቹ ተመልካቾች፣ ሸዋ ሮቢትን ትቶ፣ አዲስ ማስታወቂያ ማቅረብ ነው። አዲሱ የፎቶውን ቀለም ወይም ጽሑፍ መቀየር አልነበረም፤ ያንን ዓይን ከቀድሞው አይለየውም። ከመጀመሪያው ሰከንድ ሱፍ ስትፈትል የምትታይ እናት እጅ ያለበት አጭር ቪዲዮ ነበር።

አሮጌው ፎቶ አዲስ አበባ ላይ 25 መልእክት አመጣ፤ አንዱ በ60 ብር። አዲሱ ቪዲዮ ለነባሮቹ 22 አመጣ፤ አንዱ በ68 ብር ገደማ። በዚህ ብዛት 60ን ከ68 ማበላለጥ አይቻልም። በ140 ብር ሂሳብ ግን 1,500 ብር 11 መልእክት እንኳ ባልሞላ ነበር። ስለዚህ ፎቶው በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ፈላጊም አላለቀም፤ ያረጀው ያ ፎቶ በእነዚያ ሰዎች ዓይን ላይ ነው። ቪዲዮው ባይሠራ ኖሮ ድምዳሜው ፈላጊ አልቋል ወደሚለው ባዘነበለ፣ መፍትሔውም አካባቢውን ማስፋት በሆነ ነበር።

አዲሱ ማስታወቂያ ሲጀመር ሪፖርቱ ላይ የሚታየው የራሱ ድግግሞሽ ከ1 ይነሣል፤ ሰዉ ግን ሱቁን ከኅዳር ጀምሮ ያውቀዋል። ልጅቷ አሁን ቁጥሩን በማስታወቂያም በጠቅላላው ዘመቻም ለየብቻ ታነባለች። ዘወትር ሰኞ ጠዋት ደብተሯ ላይ አራት ነገር ትመዘግባለች፦ እስከዚያ የተጠራቀመውን ሰው፣ ከባለፈው ሰኞ የተጨመረውን፣ የሳምንቱን ድግግሞሽና የአንዱን መልእክት ዋጋ። አዲስ ሰው ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከሳምንቱ ተመልካች ከመቶ አምስት በታች ከሆነና የመልእክቱ ዋጋም ከመነሻው በእጥፍ ካደገ፣ ባለቤቱን “ጋሼ፣ ቪዲዮ እንቅረጽ” ትለዋለች። ይህ መስፈርት ለዚህ ሱቅና ለሦስት ከተማ የተበጀ ነው፤ አገር አቀፍ ዘመቻ ላይ ቢለጠፍ አይሠራም።

የቀኑ በጀት ወደ 600 ብር ተመልሷል።