አውራ ጣቴ የሚደርስበት ስክሪን

ጅማ መርካቶ ውስጥ ቡናና ቅመም እሸጣለሁ። ቀኝ እጄ ስልክ ሲይዝ ግራ እጄ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ወይ ሚዛን ላይ ነው፣ ወይ ፌስታል ይዟል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጃንጥላ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ኮረሪማ ገዝተው በቴሌብር ከፈሉኝ። "ልጄ፣ ገባልህ ወይ?" አሉኝ። "ቆዩኝ እማማ፣ ልየው" ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ቴሌብር ያለው ስክሪኑ ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ነበር። አውራ ጣቴን ስዘረጋ ስልኩ ከመዳፌ ሾልኮ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ስክሪኑ ባይሰበርም ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ከአዲስ ልደረድር ወሰንኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት አፕ ማንቀሳቀስ አልነበረም። ስልኩን እንደ ወትሮው ያዝኩና መያዣዬን ሳልቀይር አውራ ጣቴን እንደ መጥረጊያ ግራና ቀኝ አስኬድኩት። የኔ አይፎን 11 ነው። አፕ የሚቀመጥበት ስድስት ረድፍ አለው፣ በየረድፉ አራት አራት፤ ከሥር ደግሞ ገጽ ሲቀየር የማይንቀሳቀሰው የአራት አፕ መስመር፣ ዶክ የሚባለው። ጣቴ እንደ ልብ የሚደርሰው ዶኩና ከሱ በላይ ያሉት ሁለት ረድፎች ላይ ብቻ ነው። ታችኛው ቀኝ ጥግም የሚመስለውን ያህል አይመችም፤ ጣት እዚያ ለመድረስ ይታጠፋል። ለኔ በጣም የሚመቸው ከዶኩ በግራ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው ቦታ ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ የትኞቹ አፖች እዚያ ይግቡ የሚለው ነው። የስልክ አጠቃቀምን የሚቆጥረው Screen Time ውስጥ ገብቼ የሳምንቱን አየሁ። ደቂቃ ከቆጠርን ዩቲዩብ አንደኛ ነው። ግን ዩቲዩብ የምከፍተው ማታ፣ በሁለት እጄ፣ ተረጋግቼ ነው። እዚያው Pickups የሚለው ክፍል ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ቀድሜ የከፈትኩትን አፕ ያሳያል። እዚያ የመጡት ቴሌብር፣ ቴሌግራምና የባንክ አፕ ናቸው። ስለዚህ በደቂቃ ሳይሆን በጥድፊያ የምከፍታቸውን መረጥኩ። ቴሌብር ሦስተኛዋን ቦታ ያዘ፤ ስልክ መደወያው፣ ቴሌግራምና ባንኩ ጎኑ ተሰለፉ። ካልኩሌተር ከነሱ በላይ።

ችግሩ አይፎን አፖችን ከላይ ጀምሮ ይሞላል። ባዶ ቦታ መተው የተቻለው በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው አይኦኤስ 18 ነው፤ የኔ ስልክ ደግሞ ቦታው ሞልቶ አፕዴት አላደረግኩትም። መፍትሔው ዊጀት ሆነ፤ አፑን ሳይከፍቱ መረጃውን ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ሰፊ ሳጥን ነው። ትልቁ ዊጀት አራት ረድፍ ይይዛል። እሱን ከላይ ሳስቀምጠው አፖቹ በሙሉ ወደ ታችኛዎቹ ሁለት ረድፎች ወረዱ። ስምንት አፕ፣ ከዶኩ ጋር አሥራ ሁለት።

መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት የማስታወሻ ዊጀት ነበር፣ የዱቤ ዝርዝሬን ልከፍትበት። ይህ ስህተት ነው፤ ላይ ያለውን ለመንካት ያው መንጠራራት ተመልሶ መጣ። አሁን ያለው የአየር ሁኔታ ነው። በርበሬ ላሰጣ ስል አየዋለሁ እንጂ አልነካውም።

ፎልደርም አታሎኛል። ሦስት የባንክ አፖችን አንድ ፎልደር ከትቼ ከታች አስቀመጥኩ። ፎልደሩ ሲከፈት ግን ከታች አይከፈትም፤ ስክሪኑ መሀል ላይ፣ ሦስት በሦስት ሆኖ ነው። ሦስቱ አፖች የላይኛውን ረድፍ ስለያዙ ጣቴ ከነበረበት ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። አሁን ፎልደር ውስጥ የማስገባው የማያስቸኩለኝን ብቻ ነው። ዘጠኝ ሲሞላ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወደ ታች ይቀርባሉ፤ እዚያ የተሻለ የምጠቀምባቸውን አደርጋለሁ።

የቀሩትን ገጾች ደበቅኳቸው። ባዶ ቦታ ላይ ጫን አድርጎ መያዝ፣ አፖቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ከታች ያሉትን ነጠብጣቦች መንካት፣ ከዚያ ከየገጹ ሥር ያለውን ምልክት ማንሳት ነው። አፑ አይጠፋም። ግን ቁልፍ አይደለም፤ በፍለጋ ማንም ያገኘዋል።

ከደበቅኩ በኋላ አንድ አፕ አውርጄ አጣሁት። አልወረደም ብዬ ኔትወርኩን ስወቅስ ቆየሁ። ለካ ገጽ ሲደበቅ አዲስ አፕ በቀጥታ የስልኩ አፖች ሁሉ ተዘርዝረው የሚገኙበት App Library ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ስገፋ እዚያ ተቀምጧል። ጫን አድርጌ ይዤ ወደ ገጹ አመጣሁት።

ወንድሜ አይቶ እንዲሁ አድርግልኝ አለኝ። እሱ ግራኝ ነው። የሱን ቴሌብር ከዶኩ ሁለተኛው ቦታ ላይ አደረግኩለት።