ጌጅ ግራም አይቆጥርም፦ የመኪና ኤሲ ጋዝ ስማር የገጠመኝ

የመኪና ኤሲ ጥገና መማር ከጀመርኩ አራተኛ ወር ይዣለሁ። በዚህ ወር ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ከራሴ ስህተት የመጣ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ቆየት ብዬ ልጻፍላችሁ።

የጓደኛዬ መኪና ኤሲው ደከመ ተብሎ መጣ። ጠዋት ነበር፣ አየሩ 18 ዲግሪ አካባቢ። የግፊት መለኪያውን ጌጅ ሰካሁና ሞተሩን አስነሳን። ዝቅተኛ ግፊት ያለበት መስመር 1.2 ባር፣ ከፍተኛው 9 ባር አሳየ። ደብተሬ ላይ ደግሞ "ደህና ኤሲ 2 እና 15 ባር አካባቢ" ብዬ ጽፌ ነበር። ጋዙ ጎድሏል አልኩና ቁጥሮቹ እስኪገጥሙ ጨመርኩ። ስንት እንደገባ አልመዘንኩም።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ደወለልኝ። ቀን ቀን መንገድ ሲዘጋጋና መኪናው ሲቆም ኤሲው ሞቅ ያለ አየር ይተፋል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰርም ቀጭ እያለ ይቋረጣል አለኝ። ሄጄ በ32 ዲግሪ ሙቀት ጌጁን መልሼ ሰካሁ። ዝቅተኛው 3.4፣ ከፍተኛው 23 ባር ደርሶ አሁንም እየወጣ ነው። ከአየር መውጫው የሚመጣው 17 ዲግሪ ነበር።

አሠልጣኜ ይህን ስነግረው መልስ አልሰጠኝም። አር-134ኤ የሚባለውን የኤሲ ጋዝ የያዙ ሁለት ሲሊንደሮች አመጣና ጥላ ውስጥ ጎን ለጎን አቆማቸው። አንዱ ሙሉ ነው፤ ሌላው ውስጥ የቀረው ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። ክፍሉ 25 ዲግሪ ነበር። በሁለቱም ላይ ጌጅ ሰካን፤ ሁለቱም 5.6 ባር ገደማ አነበቡ።

እኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። ፈሳሽና ትነቱ አብረው በአንድ ዕቃ ውስጥ እስካሉ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። የፈሳሹ ብዛት ለውጥ አያመጣም። የመጨረሻዋ የፈሳሽ ጠብታ እስክትተን ድረስ ጌጁ ያው ቁጥር ላይ ይቆማል። መኪናው ሲሠራም የውጪው ሙቀት፣ የፋኑ ንፋስና የሞተሩ ዙር ቁጥሩን ወዲያና ወዲህ ይወስዱታል። በ18 ዲግሪ ጠዋት ያየሁት 9 ባር ለዚያ ሙቀት ጤነኛ ቁጥር ነበር። እኔ ግን ለሞቃት ቀን በተጻፈ ቁጥር ለካሁት።

ታዲያ ዝቅተኛው መስመር ለምን 1.2 ሆነ? መልሱ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተገኘ። ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጠራው ፊልተር በአቧራ ተደፍኖ ነበር። አየሩን በሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ በኢቫፖሬተሩ ላይ በቂ አየር ካላለፈ ጋዙ የሚተንበት ሙቀት አያገኝም፤ የዝቅተኛው መስመር ግፊትም ይወርዳል። ጌጅ ላይ ጋዝ የጎደለ ይመስላል። ጓደኛዬ ደከመ ያለውም በመውጫው የሚመጣው ንፋስ ስላነሰው ነው። እኔ ጋዝ ጨመርኩ፣ የታመመው ግን ፊልተሩ ነበር።

ትርፍ ጋዙ ለምን ማቀዝቀዝ እንደከለከለ ስረዳ ደስ አለኝ። ትኩሱ ጋዝ ቀዝቅዞ ፈሳሽ በሚሆንበት በኮንደንሰሩ ውስጥ ትርፉ ፈሳሽ ሆኖ ይጠራቀማል። ያ ቦታ ትኩስ ትነት ሙቀቱን የሚጥልበት ነበር። ቦታው ሲጠብ ከፍተኛው ግፊት ያሻቅባል። መኪናው ሲሄድ ንፋሱ ያግዛል፣ ሲቆም ግን አይችልም። በመጨረሻ የግፊት መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን ያቋርጠዋል፤ ያ ቀጭታ እሱ ነው። በዝቅተኛው መስመርም የራሱ ጣጣ አለ። አር-134ኤ ጌጁ 2 ባር ሲያነብ የሚተነው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። 3.4 ባር ሲያነብ ግን 12 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ኢቫፖሬተሩ ራሱ 12 ዲግሪ ከሆነ ከዚያ የቀዘቀዘ አየር ከየት ይመጣል? ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ ያልተነነ ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ ከተመለሰ ነው። ፈሳሽ አይጨመቅምና ቫልቮቹን ይሰብራል።

ማነሱም ያው ከባድ ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዙ ሲያንስ ዘይቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ኤሲው ትንሽ ትንሽ እያቀዘቀዘ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ውስጡን ይደርቃል፣ ከዚያ ይነክሳል።

ወደ መኪናው ልመለስ። ኮፈኑ ሥር ያለው መለያ አር-134ኤ፣ 480 ግራም፣ 20 ግራም ቢበዛ ወይም ቢያንስ ይላል። ጋዙን ወደ አየር ሳንለቅ በመሰብሰቢያ ማሽን ሳብነው። 670 ግራም ወጣ! እኔ 190 ግራም ያህል ትርፍ ጨምሬያለሁ ማለት ነው። ፊልተሩን ቀየርን። ከዚያ ቫኪዩም ፓምፑን 40 ደቂቃ አስሮጥነው። ይህ ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት ያወጣል። ፓምፑን አጥፍተን 15 ደቂቃ ጠበቅን፤ ጌጁ አልተንቀሳቀሰም፣ የሚያፈስ ቦታ የለም ማለት ነው። ከጋዙ ጋር የወጣውን 10 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት በአዲስ ተካን። ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አስቀምጠን 480 ግራም አስገባን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቱቦዎቹ ውስጥ የሚቀረው ጋዝም ከሲሊንደሩ የወጣ ስለሆነ ሚዛኑ እንደገባ ይቆጥረዋል። ትንሽ ጋዝ በሚይዝ መኪና ላይ ይህ ልዩነት ያመጣል።

በ31 ዲግሪ ሙቀት ለካን፦ ዝቅተኛው 2፣ ከፍተኛው 14 ባር፣ የመውጫው አየር 8 ዲግሪ። መኪናው ቆሞ እንኳ አልተቋረጠም።

ስለ ጋዙ ዓይነትም ጌጁ እንዲሁ ዝም ይላል። በድሮ መኪኖች የነበረው አር-12 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በአር-134ኤ ተተካ። አር-134ኤ ደግሞ የምድርን ሙቀት በጣም ስለሚጨምር ዛሬ ብዙ አዳዲስ መኪኖች በአር-1234ዋይኤፍ ይመጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ውስጥ አር-134ኤን ከልክሏል። አሁን የሁለቱን ግፊት አስተያዩ። በ25 ዲግሪ ልዩነታቸው ከሩብ ባር ያነሰ ነው። ጌጅ አይቶ ይህ እሱ ነው ማለት አይቻልም። ፕሮፔንና ቡቴን የተቀላቀለበት ምትክ ጋዝም ግፊቱ እንዲቀራረብ ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው። እሱ ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ደግሞ ያለው ተሳፋሪው ጋ ነው።

አምራቾች የሁለቱን ጋዞች መሰኪያ አፍ የለያዩት ለዚህ ነው። ቱቦው አልገባ ካለ ምክንያት አለው። አንዳንዱ ማስተላለፊያ ገጥሞ አር-1234ዋይኤፍ በነበረበት አር-134ኤ ይሞላል፣ ረክሶ ስላገኘው። እኔ ይህን አላደርግም። የሚያስፈልገው ግራም ይለያያል፣ ለአንዱ የተሠራ ዘይት ለሌላው ላይስማማ ይችላል። የተቀላቀለውን ጋዝ ደግሞ የሚቀጥለው ባለሙያ ሳያውቅ ከሳበው የማሽኑን ሲሊንደር በሙሉ ያበላሽበታል። አሁን ማንኛውንም መኪና ከመንካቴ በፊት መለያውን አነባለሁ፣ ከዚያም ጋዝ መለያ መሣሪያውን ሰክቼ ውስጥ ያለው መለያው ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማቱን አያለሁ።

ከደብተሬ ላይ "2 እና 15 ባር" የሚለውን ሰርዤዋለሁ። በቦታው የውጪ ሙቀት፣ የመውጫ ሙቀት፣ የወጣ ግራም፣ የገባ ግራም የሚሉ አራት ዓምዶች አሰመርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የሃይብሪድ መኪና ኤሲ እንከፍታለን። ኮምፕሬሰሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ይፈልጋል። እሱን ደግሞ ሳየው እጽፍላችኋለሁ።