በዲስክሪፕሽን ውስጥ የኮሚሽን ሊንክ እንዴት እንደማስቀምጥ፦ የቡና መፍጫው ጉዳይ

በዩቲዩብ በአማርኛ የቡና ዕቃ የማሳያቸው ተመልካቾች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ሆኖ ከአማዞን በቀጥታ ይገዛል። ሌላው ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ሆኖ ሊንኩን ለዘመዱ ይልካል፤ ዕቃውም በሻንጣ ይመጣለታል። ከቪዲዮው ሥር የማስቀምጠውን፣ ተመልካች ሲገዛበት ለእኔ ኮሚሽን የሚያስገኘውን ሊንክ ስመርጥ የማስበው ለሁለተኛው ነው፤ ዕቃው አልሠራ ቢለው የሚመልስበት መንገድ የለውምና።

መጀመሪያ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ሊንክ አስቀምጬ «አዳፕተር ያስፈልገዋል» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። አዳፕተር ግን የሚቀይረው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይደለም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። እንዲህ ያለ መፍጫ አዲስ አበባ ውስጥ በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ወዲያው ይግላል፣ የመቃጠል ሽታ ይመጣል፣ በዚያው ያበቃለታል። ውኃ ማፍያ ሲሆን ይብሳል፤ ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ስለዚህ አሁን ከሁሉ በፊት የማየው ከዕቃው ሥር የተለጠፈውን ምልክት ነው። `100-240V 50/60Hz` የሚል ከሆነ እዚያም እዚህም ይሠራል፤ ያኔ አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። `120V 60Hz` ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም። ለ200 ዋት መፍጫ የ500 ዋት ትራንስፎርመር እመክራለሁ፤ ሞተር ሲነሣ ከተጻፈበት በላይ ይስባልና። የትራንስፎርመሩ ዋጋና ክብደት ሲታሰብ ግን ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ 220 ቮልቱን መርካቶ ፈልጎ መግዛት ይሻላል። ከመርካቶው ኮሚሽን የለኝም፤ ቢሆንም ዲስክሪፕሽኑ ውስጥ እጽፈዋለሁ።

በሒሳብ ሲታይ ፈተናው ግልጽ ነው። አማዞን ለወጥ ቤት ዕቃ 4.5 ከመቶ ይከፍላል እንበል። የ100 ዶላር የኤሌክትሪክ መፍጫ 4.50 ዶላር ያስገኛል፤ የ40 ዶላር የእጅ መፍጫ ደግሞ 1.80። ለአዲስ አበባው ተመልካች ግን የሚስማማው የእጁ ነው፤ ቮልት አይጠይቅም፣ መብራት ሲጠፋም ይፈጫል፣ ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይፈጅም። የሚጠጣው የጀበና ቡና ብቻ ከሆነ ደግሞ ሙቀጫና ዘነዘናው ይበቃዋል፤ ይህንንም በቪዲዮው ውስጥ እናገራለሁ። ዕቃው ለማን እንደማያስፈልግ መናገር ካልቻልኩ ገና አላወቅሁትም ማለት ነው፤ ሊንኩንም አላስቀምጥም።

ወደ አነጋገሩ ስንመጣ፣ «አፊሊየት ሊንክ» ብሎ መጻፍ ለብዙው ተመልካች ምንም አይነግረውም። ኮሚሽን የሚለውን ቃል ግን ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል፤ ደላላ ከየት እንደሚበላ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ እንዲህ እጽፋለሁ፦

```
ከታች ባለው ሊንክ ከገዛችሁ ሻጩ ለእኔ ኮሚሽን ይከፍላል።
የእናንተ ዋጋ በዚህ ምክንያት አይጨምርም።
1. የእጅ መፍጫ (ኮሚሽን አለው)፦ [ሊንክ]
2. 220 ቮልት መፍጫ፣ መርካቶ (ኮሚሽን የለውም)
```

ቦታው ከቃሉ እኩል ወሳኝ ነው። ስልክ ላይ ዲስክሪፕሽኑ ታጥፎ ስለሚቆይ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ የኮሚሽኑ ዓረፍተ ነገር ከሊንኩ በላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን። በቴሌቪዥን የሚያየው ደግሞ ጨርሶ ላይከፍተው ይችላል፤ ለእሱ መፍጫውን በእጄ ይዤ ማሳየት ስጀምር ያንኑ ዓረፍተ ነገር በድምፅ እናገራለሁ፣ ጽሑፉንም ስክሪኑ ላይ አወጣለሁ። አማዞን ራሱ የሚያዘው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርም አለ፤ እሱ ከአማርኛው ሥር ይገባል እንጂ አማርኛውን አይተካም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ተመልካቹ ሊንኩን ነክቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ጫማም ቢገዛ ኮሚሽኑ ሊደርሰኝ ይችላል። ስለዚህ «መፍጫውን ከገዛችሁ» ሳይሆን «በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ» የሚለው ነው ትክክሉ። መፍጫውን ሻጩ በነጻ ልኮልኝ ከሆነ ደግሞ የኮሚሽኑ ዓረፍተ ነገር አይሸፍነውም፤ በነጻ እንደተሰጠኝ ለብቻው እናገራለሁ፣ ዩቲዩብ ላይም የተከፈለበት ማስተዋወቅ የሚለውን ሳጥን ምልክት አደርጋለሁ።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ሊንኩን በአካውንቴ ካልገባሁበት ብራውዘር ላይ ከፍቼ አድራሻው ውስጥ `tag=` እና የራሴ መለያ መኖሩን አያለሁ። ከዚያ በየወሩ እመለስበታለሁ። ዕቃው ካለቀ፣ ወይም በዚያው ገጽ ላይ ቮልቱ የተለየ ሞዴል ከተተካ፣ ሊንኩን አወጣና የተነሣበትን ምክንያት በቦታው እጽፋለሁ።